ሊቲየም በ0.8 ቴስላ፦ አስር መስመር ጠብቀን ስድስት ብቻ ለምን ጎልተው ይወጣሉ?

ታቦር_ግርጌ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁም። ለአቶሚክ ፊዚክስ ኮርስ የተሰጠን ሥራ አንድ ቦታ ላይ ስለያዘኝ ነው የምጽፈው። የሊቲየም ቀይ መስመር፣ ያው 670.8 ናኖ ሜትር ላይ ያለው፣ 0.8 ቴስላ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ የተሰላ ስፔክትረም ተሰጥቶናል። እያንዳንዱ መስመር ከየትኛው የኃይል ደረጃ ወደ የትኛው እንደሆነ ለይተን እንድንጽፍ ነው የተጠየቅነው።

ሶዲየምን በክፍል የሠራነው በላንዴ ፋክተር ነበር። ታችኛው የs ደረጃ g = 2፣ p1/2 ደግሞ g = 2/3፣ p3/2 g = 4/3። በዚህ ሂሳብ ከD1 አራት፣ ከD2 ስድስት፣ በድምሩ አስር መስመር ይወጣል። ሊቲየምም የሶዲየም ዓይነት አቶም ስለሆነ ያንኑ ሠራሁ። መስክ በሌለበት D2 በ+3.35፣ D1 በ−6.70 ጊጋኸርዝ ላይ እንዲውል አድርጌ ዜሮውን ወስጃለሁ።

በተሰጠን ስፔክትረም ላይ ጎልተው የሚታዩት ስድስት ናቸው፦ 14.5፣ 6.4፣ 1.4፣ −2.2፣ −7.8 እና −12.3 ጊጋኸርዝ። ከእኔ ሂሳብ ጋር በትክክል የሚገጥሙት 14.5 እና −7.8 ብቻ ናቸው። ለምሳሌ እኔ 7.1 እና 8.2 ላይ ሁለት መስመር አለኝ፤ ስፔክትረሙ ላይ በዚያ አካባቢ ያለው 6.4 ብቻውን ነው። ቁጥሮቹን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ የማባዛት ችግር አይደለም። ሁለቱ እንዲህ ልክ ገጥመው ሌሎቹ የሚስቱት ለምንድን ነው?

---

አዋሽ_ማዶ (አዳማ)

ችግሩ ግልጽ ነው፤ ላንዴ ፋክተር እዚህ አይሠራም። ላንዴ የሚሠራው መስኩ ከስፒን-ኦርቢት ትስስር በጣም ሲያንስ ነው። በ0.8 ቴስላ የመስኩ ጉልበት፣ ማለትም μB·B/h፣ 13.996 × 0.8 = 11.2 ጊጋኸርዝ ነው። የሊቲየም 2p ደረጃ የፋይን ስትራክቸር ክፍተት ደግሞ 10.05 ጊጋኸርዝ ብቻ። ስለዚህ መስኩ አሸንፏል፤ ያለኸው ፓሸንና ባክ በ1912 ያሳዩት ሁኔታ ውስጥ ነው። L እና S ተለያይተው እያንዳንዳቸው በመስኩ ዙሪያ ለብቻቸው ይዞራሉ። j የሚባለውን ተወውና በmL እና mS ሥራው፦ E = β(mL + 2mS) + ζ·mL·mS። β የመስኩ 11.2፣ ζ የትስስሩ ቋሚ። የp ደረጃ ክፍተት 1.5ζ ስለሆነ ζ = 6.70 ጊጋኸርዝ። ያልቃል።

---

ታቦር_ግርጌ

አመሰግናለሁ፣ ወዲያው ሠራሁት። mS በሽግግሩ ስለማይለወጥ የሚወጡት መስመሮች 14.55፣ 7.85፣ 0፣ −7.85 እና −14.55 ናቸው፤ ዜሮው ላይ ሁለት ተደራርበዋል። ቁጥራቸው ስድስት መሆኑ ደስ ይላል። ግን አሁንም በትክክል የሚገጥሙት እነዚያው 14.5 እና −7.8 ናቸው! ሌሎቹ ከ1.4 እስከ 2.2 ጊጋኸርዝ ይስታሉ። ሁለት ተቃራኒ ሂሳቦች በአንድ ዓይነት መስመሮች ላይ ብቻ እንዴት ልክ ይሆናሉ?

---

ጥቁር_ሰሌዳ (ሐዋሳ)

ይሄ ጥያቄ ራሱ መልሱን ይዟል፣ ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

አዋሽ_ማዶ ላንዴ እንደማይሠራ የተናገረው ልክ ነው። «መስኩ አሸንፏል» ያለው ግን ገና አይደለም። 11.2 ከ10.05 ይበልጣል እንጂ አያጠፋውም። ሁለቱ ጉልበቶች እኩል ለእኩል በሚታገሉበት ቦታ ላይ ነው ያለኸው፤ እዚያ ላይ የደካማ መስክ ቀመርም የጠንካራ መስክ ቀመርም አይሠራም። በp ደረጃ ላይ ግን ሥራው ከባድ አይደለም፤ ስድስቱን ሁኔታዎች በmj መለየት ይበቃል። መስኩ በz አቅጣጫ ስለሆነ mj መቼም አይበላሽም፣ መስኩ ምንም ያህል ቢሆን። ስለዚህ መቀላቀል የሚችሉት ተመሳሳይ mj ያላቸው ብቻ ናቸው።

mj = +3/2 ያለው አንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ mL = 1፣ mS = +1/2። የሚቀላቀለው ጓደኛ የለውም። ስለዚህ ኃይሉ በየትኛውም መስክ በትክክል ζ/2 + 2β ነው። mj = −3/2 ደግሞ ζ/2 − 2β። ላንዴም ፓሸን-ባክም በእነዚህ ሁለቱ ላይ የሚስማሙት ለዚህ ነው፤ የሚቀላቅላቸው ነገር ስለሌለ ሁለቱም ቀመሮች እዚያ ላይ ግምት ሳይሆኑ ትክክለኛ ናቸው። የአንተ 14.5 እና −7.8 ከታችኛው s ደረጃ ወደ እነዚህ ሁለት ሁኔታዎች የሚሄዱት መስመሮች ናቸው።

mj = +1/2 ግን ሁለት አለው፦ (mL = 0፣ mS = +1/2) እና (mL = 1፣ mS = −1/2)። የመጀመሪያው ከመስኩ β ያገኛል፣ ከትስስሩ ዜሮ። ሁለተኛው ከመስኩ 1 − 1 = 0፣ ከትስስሩ −ζ/2። ሁለቱን የሚያገናኘው የL·S ክፍል ζ/√2 ነው። ስለዚህ ማትሪክሱ ሁለት በሁለት ነው፦

```
mj = +1/2 :  |  β      ζ/√2 |
             | ζ/√2   -ζ/2  |

mj = -1/2 :  | -β      ζ/√2 |
             | ζ/√2   -ζ/2  |
```

አዋሽ_ማዶ የጻፈው ቀመር ከዚህ ማትሪክስ ሰያፉን ብቻ ወስዶ ζ/√2ን ጥሎታል። ζ/√2 እዚህ 4.74 ጊጋኸርዝ ነው። በmj = −1/2 ላይ ሰያፉ ላይ ያሉት ቁጥሮች −11.2 እና −3.35 ናቸው፤ ልዩነታቸው 7.85 ብቻ። 4.74 ከ7.85 አጠገብ የሚጣል ቁጥር አይደለም። በmj = +1/2 ላይ ደግሞ 11.2 እና −3.35 ስለሆኑ ልዩነቱ 14.55 ነው፣ ስለዚህ እዚያ መዛባቱ ያነሰ ነው። የተሳሳቱህ መስመሮች በእኩል መጠን ያልሳቱትም በዚህ ምክንያት ነው።

ማትሪክሶቹን ራስህ ፍታቸው፤ የሁለት በሁለት አይገን ቫልዩ የሁለተኛ ደረጃ እኩልታ ነው።

---

ቀለም_ስንጥቅ (አዳማ)

በእጅ መፍታት ጥሩ ነው። ለማረጋገጫ ግን ይህቺን አጭር ኮድ አሂዱ፤ ቢ ያለውን ቁጥር እየቀያየራችሁ ውጤቱ እንዴት እንደሚለወጥ ማየትም ትችላላችሁ።

```python
import numpy as np
zeta = 6.70
b = 13.996 * 0.8
r = zeta / 2**0.5
for s in (1, -1):
    H = np.array([[s*b, r], [r, -zeta/2]])
    print(s, np.linalg.eigh(H))
print(zeta/2 + 2*b, zeta/2 - 2*b)
```

ለmj = +1/2 12.60 እና −4.76፣ ለmj = −1/2 −1.12 እና −13.42፣ ለዳርቻዎቹ 25.74 እና −19.04 ይሰጣል። ስድስቱን ደምሩ፤ ዜሮ ካልመጣ የሆነ ቦታ ላይ ምልክት ተገልብጧል ማለት ነው። የL·S ድምርም የመስኩ ድምርም በስድስቱ ላይ ዜሮ ስለሆነ ይህ ማጣሪያ ሁልጊዜ ይሠራል።

---

ታቦር_ግርጌ

ገጠመ። የs ደረጃውን +11.20 እና −11.20 ቀንሼ ስድስቱንም መስመሮች አገኘኋቸው፦ 14.54፣ 6.44፣ 1.40፣ −2.22፣ −7.84፣ −12.32። ግን ሂሳቡ ሌሎች አራትም ይሰጠኛል፦ 23.80፣ 10.08፣ −15.96 እና −24.62። አስር ነው እንግዲህ አሁንም። ስፔክትረሙ ላይ በእነዚህ ቦታዎች ትንንሽ እብጠት ያለ ይመስላል፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። አሉ ወይስ የሉም?

---

ካዲ_643 (አዳማ)

በዚህ ክር ውስጥ ነገሩን ያወሳሰባችሁት ይመስለኛል። እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ የካድሚየም መብራት በኤሌክትሮማግኔት መካከል አስቀምጠን 643.8 ናኖ ሜትር ያለውን ቀይ መስመር በኢታሎን እናያለን። በ0.5 ቴስላ በትክክል ሦስት ይሆናል፤ መካከለኛው ሳይነቃነቅ ሁለቱ ግራና ቀኝ 7 ጊጋኸርዝ ይርቃሉ። የካድሚየም ኒውክሊየስ ከባድ ስለሆነ ስፒን-ኦርቢት ከሊቲየም በጣም ይበልጣል፣ ሆኖም በ0.5 ቴስላ ተሸንፎ ሦስት መስመር ብቻ ቀረ። ታዲያ ለቀላሉ ሊቲየም ይህ ሁሉ ማትሪክስ ለምን?

---

ጥቁር_ሰሌዳ

ካዲ_643፣ ያየኸው እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የ643.8 መስመር ከ¹D2 ወደ ¹P1 የሚወርድ ነው። በሁለቱም ደረጃዎች S = 0 ነው፤ ሁለቱ ኤሌክትሮኖች ስፒናቸውን አጣፍተዋል። የሚሸነፍ ስፒን-ኦርቢት ከመጀመሪያውም የለም፤ g በሁለቱም 1 ነው፤ ለዚህ ነው ሦስት የሚሆነው። ይህ ተራው የዚማን ክስተት ነው፣ መስኩ ትንሽም ይሁን ትልቅ። የሊቲየሙ ሦስት ቡድን ግን ከአስር መስመር ተነስቶ መስኩ እየጨመረ ሲሄድ ብቻ የሚደረስበት ነው።

ልዩነቱን በዚያው መብራት ማረጋገጥ ትችላለህ። ማጣሪያህን ቀይረህ የካድሚየሙን 508.6 ናኖ ሜትር አረንጓዴ መስመር ተመልከት። እሱ ከ³S1 ወደ ³P2 ስለሆነ ስፒን አለው፣ በዚያው 0.5 ቴስላም ሦስት ሳይሆን ዘጠኝ ሆኖ ይከፈላል። ስፒን-ኦርቢት ተሸንፎ ቢሆን ኖሮ አረንጓዴውም ሦስት ቡድን ይሆን ነበር።

ታቦር_ግርጌ፣ አራቱ መስመሮች አሉ። ግን ደክመዋል፣ መጠኑንም ከዚያው ማትሪክስ ታገኘዋለህ። ብርሃኑ ስፒንን አይነካም፤ ስለዚህ ከታች mS = +1/2 ከሆነው ደረጃ የሚነሳ ሽግግር ላይኛው ሁኔታ ውስጥ ያለውን የmS = +1/2 ድርሻ ብቻ ነው የሚያየው። ቀለም_ስንጥቅ የሰጠው eigh ከኃይሉ ጋር ድርሻውንም ያወጣል፤ የአይገን ቬክተሩን ቁጥር በራሱ አባዛው።

12.60 ላይ ያለው ሁኔታ መስክ በሌለበት ጊዜ ሁለት ሦስተኛው (0፣ +1/2)፣ አንድ ሦስተኛው (1፣ −1/2) ነበር። በ0.8 ቴስላ 92 በመቶ (0፣ +1/2) ሆኗል፣ (1፣ −1/2) 8 በመቶ ብቻ ቀርቶታል። 23.80 ላይ ያለው መስመር የሚኖረው በዚያች 8 በመቶ ነው። −15.96ም እንዲሁ 8 በመቶ ነው። 10.08 እና −24.62 ግን 18 በመቶ ናቸው፣ ምክንያቱም mj = −1/2 ላይ ትግሉ ገና ብዙ ይቀረዋል ብለናል። መስኩን ብትጨምረው አራቱም እየከሰሙ ይሄዳሉ፤ ስድስቱ ደግሞ ሁለት ሁለት ሆነው ወደ ሦስት ቡድን ይሰበሰባሉ።

አንድ ነገር ልብ በል። −1.12 ላይ ያለው ሁኔታ ያለ መስክ ሲሆን ሁለት ሦስተኛው (0፣ −1/2) ነበር፤ አሁን 82 በመቶው (−1፣ +1/2) ነው። ማንነቱ ተገልብጧል። ስለዚህ «p3/2፣ mj = −1/2» ብለህ ስም ብትሰጠው ለመለያ ያህል ይሁን እንጂ ሁኔታውን አይገልጸውም። በሥራህ ላይ የመስመሩን መድረሻ ስትጽፍ mj እና ኃይሉን ጻፍ፣ jን ግን «መስኩ ሲጠፋ የሚደርስበት» ብለህ ብቻ።

---

ታቦር_ግርጌ

በጣም ግልጽ ሆነ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ቢን ከ0 እስከ 1 ቴስላ እየቀያየርኩ ስድስቱን ደረጃዎች ስስላቸው mj = −3/2 ያለው መስመር ወርዶ ሁለት ሌሎች መስመሮችን ያቋርጣል። ሁለት ጉልበቶች ሲታገሉ ደረጃዎች አይተላለፉም፣ ይገፋፋሉ ሲባል ነው የሰማሁት። ኮዱ ስህተት አለው?

---

ቀለም_ስንጥቅ

ኮዱ ልክ ነው። የሚገፋፉት ተመሳሳይ mj ያላቸው ናቸው፤ የሚያገናኛቸው ζ/√2 ስላለ። ሥዕልህ ላይ ሁለቱን የmj = +1/2 መስመሮች ተመልከት፣ መቼም አይነካኩም። mj = −3/2 ግን ከማንም ጋር ስለማይገናኝ ማንንም አልፎ መሄድ ይችላል።

የሚያልፍባቸውን ቦታዎች በእጅ ብትሠራቸው ቆንጆ ነገር ታያለህ። ታችኛውን mj = +1/2 የሚያቋርጠው β = 2ζ/3 ላይ፣ ታችኛውን mj = −1/2 ደግሞ በትክክል β = ζ ላይ ነው። ለሊቲየም 0.32 እና 0.48 ቴስላ ይሆናል። ቁጥሩ ከአቶሙ ላይ የሚፈልገው ζን ብቻ ስለሆነ በተገላቢጦሽ ክፍተቱን ለመለካት ያገለግላል። መስመሮቹን ለይቶ ሳያዩ፣ የሚፈነጥቀው ብርሃን በመገጣጠሚያው መስክ ላይ አቅጣጫውን ሲቀይር በማየት ብቻ ይለካል፤ የዶፕለር ስፋት እዚያ ላይ እንቅፋት አይሆንም።

---

አዋሽ_ማዶ

እሺ፣ መካከለኛው ቦታ ላይ ማትሪክሱ የግድ መሆኑን ተቀብያለሁ። ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ ሶዲየም ላይ ላንዴ ለምን እንዲያ ልክ ሠራ? 0.8 ቴስላ ለሊቲየም ብዙ ከሆነ ለሶዲየምም ቢያንስ ትንሽ መዛባት መታየት ነበረበት።

---

ጥቁር_ሰሌዳ

አለ፣ ግን አይታይም። የሶዲየም 3p ክፍተት 515 ጊጋኸርዝ ነው፣ የ589.0 እና የ589.6 ልዩነት ማለት ነው። መስኩ ትንሽ ሲሆን mj = ±1/2 ያላቸው ደረጃዎች ከላንዴ ቀመር የሚርቁት በ(2/9)·β²/Δ ነው፤ Δ ክፍተቱ። በ0.8 ቴስላ β² ወደ 125 ነው፤ በ515 ሲካፈልና በ2/9 ሲባዛ 0.054 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም 54 ሜጋኸርዝ ይመጣል። የሶዲየም መብራት የዶፕለር ስፋት በ500 ኬልቪን 1.7 ጊጋኸርዝ ስለሆነ ይህ ከመስመሩ ስፋት ውስጥ ይጠፋል።

ሶዲየም ላይ β = ζ እንዲሆን ወደ 25 ቴስላ ያስፈልጋል። በብረት ፖል በተሠራ ኤሌክትሮማግኔት የሚደረስበት አይደለም። ለፖታሲየም፣ ለሩቢዲየም፣ ለሲዚየም እያለ ደግሞ ክፍተቱ በፍጥነት ያድጋል፤ ሲዚየም ላይ 16,600 ጊጋኸርዝ ገደማ ነው። ከአልካሊዎቹ ትግሉ በቤተ ሙከራ መስክ የሚታየው ሊቲየም ላይ ብቻ ነው።

---

የመስክ_ጠባቂ (አዳማ)

እኔ የምሠራው በቤተ ሙከራ ቴክኒሻንነት ነው፤ ይህን ክር እያነበባችሁ «በእውነተኛ መብራት እንየው» የምትሉ ካላችሁ አስቀድማችሁ የምታስቡባቸውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ማግኔቱ። የኃይል ምንጩ ቮልቴጅን ሳይሆን ከረንትን የሚጠብቅ ይሁን። የመዳብ ሽቦ በየዲግሪው 0.39 በመቶ ያህል መቋቋሚያው ይጨምራል። ከሰዓት በኋላ በአዳማ ሙቀት ሽቦው 40 ዲግሪ ቢሞቅ ቮልቴጁ ሳይለወጥ ከረንቱ ከ13 በመቶ በላይ ይወርዳል፤ 0.8 የነበረው 0.7 አካባቢ ይደርሳል። የማይክሮሜትሩ ንባብ ሳይለወጥ ቀለበቶቹ ቀስ ብለው ሲንሸራተቱ ካያችሁ ይሄ ነው። ሁለተኛ፣ ከረንቱን ከፍ አድርጋችሁ ወደ ታች ስትመልሱት ብረቱ የተወሰነ መስክ ይይዛል፣ ስለዚህ ሠንጠረዡን ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ እየወጣችሁ ብቻ ሙሉት። መብራት ሄዶ ከተመለሰ እንደ አዲስ ከዜሮ ጀምሩ።

ቀጥሎ ኢታሎኑ። የ3 ሚሊ ሜትር የኳርትዝ መስታወት ኢታሎን አንዱ ዙር 34.3 ጊጋኸርዝ ነው። የታቦር_ግርጌ አስር መስመሮች ግን ከ−24.6 እስከ 23.8፣ ማለትም 48 ጊጋኸርዝ ተዘርግተዋል። ስለዚህ ዳር ላይ ያሉት ተጠቅልለው መሃል ይገባሉ። −24.62 በሚቀጥለው ዙር 9.7 ላይ ይታያል፣ በ6.44 እና በ14.54 መካከል፣ ያላሰባችሁት መስመር ሆኖ። 23.80 ደግሞ −10.5 ላይ ይወድቃል። ፖላራይዘር አያድናችሁም፤ ከጎን ስትመለከቱ የሁለቱም ወገን σ መስመሮች ፖላራይዜሽናቸው አንድ ነው። በመስኩ አቅጣጫ፣ በፖሉ ቀዳዳ በኩል፣ በሩብ ሞገድ ሳህን ከተመለከታችሁ ግን ይለያያሉ። ወይም 3 ሚሊ ሜትር የአየር ክፍተት ያለው ኢታሎን ተጠቀሙ፤ ዙሩ 50 ጊጋኸርዝ ስለሆነ ለጥቂት ይበቃል።

---

ታቦር_ግርጌ

ይህን ሁሉ ሳነብ በተግባር መሞከሩ አጓጓኝ። የአፈር ምርመራ ቤተ ሙከራዎች ለአቶሚክ አብሶርፕሽን የሚጠቀሙበት የሊቲየም ሆሎው ካቶድ መብራት አለ። እሱን ማግኔቱ መሃል ብናስገባ አይሆንም?

---

የመስክ_ጠባቂ

የዚያ መብራት ጠርሙስ ወፍራም ነው፣ ወደ 38 ሚሊ ሜትር። ለ0.8 ቴስላ የተጠጋጋ የፖል ክፍተት ውስጥ አይገባም፤ ክፍተቱን ብታሰፉት መስኩ ይወርዳል። ቢገባም ጠንካራ መስክ የመብራቱን ፍንጥቂያ ይገፋዋል፤ ይንቀጠቀጣል ወይም ይጠፋል። ሌላው መላ የሊቲየም ጨው የተነከረ ሽቦ በጋዝ ነበልባል ውስጥ አድርጎ ነበልባሉን ፖሎቹ መካከል ማቆም ነው። ቀዩ ቀለም ወዲያው ይታያል፣ ርካሽም ነው።

---

ጥቁር_ሰሌዳ

ነበልባሉን ለሰርቶ ማሳያ እንጂ ለመለኪያ አልመክረውም። በ2000 ኬልቪን የሊቲየም የዶፕለር ስፋት 5.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ የአየሩ ግጭት ደግሞ ከዚያ ላይ ይጨምራል። 1.40ን ከ−2.22 ለመለየት ያለን ርቀት 3.6 ነው። ነበልባል ውስጥ ሁለቱ አንድ ጉብታ ይሆናሉ፤ ሦስት ሰፋፊ ጉብታ ታዩና «ፓሸን-ባክ ሙሉ በሙሉ ደረስን» ትላላችሁ። ሦስት ማየት ብቻውን ማስረጃ አይደለም። በ800 ኬልቪን እንኳ ስፋቱ 3.4 ነው፣ ገና ጠርዝ ላይ ነን።

ሌላው የሊቲየም ጣጣ ኢሶቶፑ ነው። ተፈጥሯዊ ሊቲየም 7.6 በመቶ ገደማ ሊቲየም-6 አለው፤ የእሱ መስመሮች ከሊቲየም-7 ወደ 10.5 ጊጋኸርዝ ዝቅ ብለው ይገኛሉ። ይህ ከፋይን ስትራክቸሩ ክፍተት ጋር ሊባል በሚችል ደረጃ እኩል ነው፤ መስክ ሳይኖር እንኳ የአንዱ D2 በሌላው D1 ላይ ያርፋል። 8 በመቶ ያላቸውን ደካማ መስመሮች 7.6 በመቶ ካለው ኢሶቶፕ ለመለየት መሞከር ከባድ ነው። ስለዚህ ደካሞቹ ላይ ተመሥርታችሁ ምንም አትደምድሙ።

የምትተማመኑባቸው ግን አሉ። 14.54 በትክክል ζ/2 + β ነው፣ −7.84 ደግሞ ζ/2 − β። ልዩነታቸውን ለሁለት ስታካፍሉት β ይወጣል፤ የሆል ፕሮቡ መብራቱ ካለበት ቦታ ትንሽ ራቅ ብሎ ቢለካም ይህ አቶሙ ራሱ ያለበትን መስክ ይነግራችኋል። አማካያቸው ደግሞ ζ/2 ነው፣ ዜሮውን ካወቃችሁት። ሁለቱን በእነዚህ ካገኛችሁ በኋላ ሌሎቹን አራት ጠንካራ መስመሮች በማትሪክሱ ገምቱና ከተለካው ጋር አነጻጽሩ። ያኔ ነው ማትሪክሱ በእውነት የሚፈተነው።

---

ካዲ_643

የ508.6 ማጣሪያ አለን፣ የ671 ግን የለንም። ዘጠኙን በ0.5 ቴስላ ለማየት ሞከርን፤ ፖላራይዘር ሳናደርግ የተቀላቀለ ጭረት ብቻ ነው የሚታየው።

---

የመስክ_ጠባቂ

ዘጠኙ እርስ በርስ የሚራራቁት በግማሽ β ነው፣ በ0.5 ቴስላ 3.5 ጊጋኸርዝ ብቻ። ፖላራይዘሩን ከመስኩ ጋር ትይዩ አድርጉት፤ ሦስቱ π ብቻ ይቀራሉ። ከዚያ 90 ዲግሪ አዙሩና ስድስቱን σ ተመልከቱ። መስኩን ወደ 0.7 ማድረስ ከቻላችሁ ክፍተቱ 4.9 ይሆናል፣ ይለያያሉ።

---

አዋሽ_ማዶ

ጥቁር_ሰሌዳ ያሉት በነበልባል ላይ ያለው ነገር ሙሉ በሙሉ አላሳመነኝም። መስመሮቹ ባይለያዩም የጉብታዎቹ ቅርጽ እኮ ይለያያል። σ+ ወገን ላይ ሁለቱ ጠንካራ መስመሮች 14.54 እና 6.44 ናቸው፣ ርቀታቸው 8.1። σ− ወገን ላይ −7.84 እና −12.32፣ ርቀታቸው 4.5። ስፋቱ 5.4 ቢሆንም አንዱ ጉብታ ከሌላው ሰፋ ብሎ መታየት አለበት። የፓሸን-ባክ ቀመር ሁለቱንም እኩል 6.7 ነው የሚያደርጋቸው። ያ አለመመጣጠን በነበልባልም ይለካል ባይ ነኝ።

---

ጥቁር_ሰሌዳ

ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አለመመጣጠኑም እውነት ነው። የሚያሳስበኝ የሊቲየም-6ቱ σ+ መስመሮች 4 እና −4 አካባቢ፣ የσ−ዎቹ ደግሞ −18 እና −23 አካባቢ ስለሚወድቁ ነው። −18 ላይ የሚወድቀው ከ−12.32 ሩቅ አይደለም፤ የσ− ጉብታ እግሩን ያሰፋዋል፣ አንተ የምትፈልገውን ልዩነትም ይሸፍነዋል። በዚያ ላይ ነበልባል መሃል ብርሃኑ ራሱን መልሶ ስለሚመጥ የመስመሩ አናት ይደፈጠጣል፤ ጨዉ ሲበዛ ይብሳል። ጨዉን በጣም አሳንሰህ፣ የጉብታው ስፋት በጨው መጠን የማይለወጥበት ቦታ መድረስህን ካረጋገጥክ በኋላ መሞከር ይቻላል። ኢሶቶፑን ግን በሂሳብህ ውስጥ ሳታካትት ስፋቱን አታነጻጽር።